የየካቲቱን የሽንኩርት መልእክት ከመላካችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «መቂ አካባቢ ላለ የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ የሽያጭ ሥራ እሠራለሁ። ለጥምቀት ‹ትኩስ ቀይ ሽንኩርት ከማሳ በቀጥታ› የሚል መልእክት በስልክ ልከን ልደታ፣ አራት ኪሎና ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ 200 ያህል ቤተሰቦች አዘዙን። ሽንኩርቱ ከበዓሉ ዋዜማ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ሚዛኑ ጎደለ ያሉ አሉ፤ በሁለት ሳምንት በሰበሰብን ያሉም ብዙ ናቸው። አሁን የየካቲቱ ምርት እየደረሰ ነው። መልእክቱን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሦስቱን ቅሬታዎች ለየብቻ ካያችኋቸው አንዱን ለሾፌር፣ አንዱን ለሚዛን፣ አንዱን ለደንበኛው አያያዝ ትሰጣላችሁ። እኔ ግን ሦስቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለኛል። ሽንኩርቱ ለጥር 11 እንዲደርስ ሲባል ሳይደርስ ተነቅሏል፣ ሳይደርቅም ተጭኗል። ያልደረቀ ሽንኩርት ውኃ ያዘለ ስለሆነ መንገድ ላይና በር ላይ ክብደቱ ይቀንሳል። አንገቱ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሻጋታና ባክቴሪያ በዚያው ይገባሉ። የነቀሉትን አባላት ጠይቁ፦ በተነቀለ ዕለት ቅጠሉ ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ? ቆሞ ነበር ካሉ ምክንያቱን አገኛችሁት። ስለዚህ ስለ መልእክቱ ቃላት ከማውራቴ በፊት ስለ ማሳው ልናገር፤ መልእክቱ ውስጥ የሚገባው ቀን፣ ክብደትና ዋጋ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነውና።

እናንተ አካባቢ በብዛት የሚመረቱት ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ ችግኛቸው ከተተከለ በኋላ እንደ አየሩና እንደ ውኃው ከ90 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። ይህ የአንድ ወር ልዩነት ነው፤ ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የተወሰነ የማስረከቢያ ዕለት ከመጀመሪያውም ቁማር ነው። አስተማማኙ ምልክት ቅጠሉ ነው። ሽንኩርት ሲደርስ አንገቱ ይለሰልስና ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ይተኛል። ከማሳው ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ሲወድቅ መንቀል ይቻላል። ለማፋጠን ብለው ቅጠሉን በእግር የሚረግጡ ወይም በእንጨት የሚያስተኙ ገበሬዎች አሉ፤ አንገቱን ከመቀጥቀጥ በስተቀር ሽንኩርቱን አያደርሰውም።

ሁለት ነገሮች ይህን ምልክት ያዘገያሉ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ያጠፉታል። አንደኛው ውኃ ነው። መስኖ ከመንቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጠጣ ሽንኩርት ያብጣል፣ በሚዛን ላይም ያኮራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚጨመር ዩሪያ ነው። ራሱ መወፈር ከጀመረ በኋላ ዩሪያ የተሰጠው ሽንኩርት ቅጠል ማውጣቱን አያቆምም፤ አንገቱ ይወፍራል፣ የወፈረ አንገት ደግሞ በስንት ፀሐይም ቢሆን አይዘጋም። እንዲህ ያለው ሽንኩርት ቢለቀምም ለከረጢታችሁ አይሆንም።

ከተነቀለ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ሽንኩርቱ በረድፍ ይደረደራል፤ የአንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን ተደርጎ፣ ምክንያቱም የመቂ የቀን ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የላይኛውን ሥጋ ይቀቅለዋል፤ የተቀቀለው ቦታ ነጣ ብሎ ይለሰልስና መበስበስ ከዚያ ይጀምራል። በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲህ ቢሰነብት አንገቱ ይዘጋል። ከዚያም ቅጠሉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጣል። አልጠግብ ባይ ቆራጭ እስከ ራሱ ድረስ ሲቆርጠው የተዘጋውን በር መልሶ ከፈተው ማለት ነው።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርጉት። ውስጡ የሚንሸራተት ነገር ከተሰማ ወይም እርጥበት ከወጣ ገና ነው። ከየረድፉ አሥር አሥር ራስ አንስታችሁ እንዲህ ብትሞክሩና ከአሥሩ ሁለት የሚንሸራተት ብታገኙ ያ ረድፍ ሁለት ሦስት ቀን ይጨመርለት። የላይኛው ልጣጭም በእጅ ሲታሽ እንደ ደረቅ ወረቀት መንኮሻኮሽ አለበት።

እዚህ ላይ አባሎቻችሁ «ነጋዴው እርጥቡን አይደል እንዴ የሚገዛን? ማን ቅሬታ አቀረበ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። ነጋዴው ማሳ ላይ ቆሞ እርጥቡን ይገዛል፣ በማግሥቱ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ቸርቻሪው በጥቂት ቀን ይጨርሳል፣ የቤት እመቤቷ ሁለት ኪሎ ገዝታ በዚያው ሳምንት ታቁላላዋለች። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሽንኩርት ለመበስበስ ጊዜ አያገኝም። የእናንተ ግን 10 ኪሎ ሆኖ አንድ ቤት ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣል። ምርቱ አንድ ቢሆንም የሚጠበቅበት ዕድሜ ሌላ ነው። «ትኩስ» የሚለውን ከመልእክቱ አውጡት የምለውም ለዚህ ነው፤ ለሰላጣና ለቆስጣ የሚሠራ ውዳሴ ለሽንኩርት ጉድለት ነው።

ገበሬውን እንዲያደርቅ ማሳመን ግን በምክር ብቻ አይሆንም። ሲደርቅ ክብደት ይቀንሳል፣ የቀነሰውም ከእሱ ኪስ ነው። እናንተ እርጥቡንም ደረቁንም በኪሎ 40 ብር የምትገዙ ከሆነ አድርቆ የሚያመጣው አባል ተቀጣ ማለት ነው። ከነቀላ እስከ ማስረከብ ከ100 ኪሎ 8 ኪሎ ይቀንሳል ብለን ብንይዝ (አየሩ እርጥብ ከሆነ ወይም ሽንኩርቱ ውኃ የጠገበ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል) እርጥቡ በ40 ከተሸጠ ደረቁ 43 ብር ከ50 ገደማ ሲያወጣ ነው እኩል የሚሆነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ለአባላቱ አስሉላቸው። በዋጋው ውስጥ ካልገባ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ እርጥብ ያመጡላችኋል፣ ወይ ለነጋዴው ይሸጡታል።

አሁን 200 ቤተሰቦች አሥር አሥር ኪሎ ቢያዙ ምን እንደሚሆን እንከተለው። ዋጋዎቹን ለስሌቱ ያህል ነው የያዝኳቸው፤ በእናንተው ቁጥር ተኩት። ልታስረክቡ የሚገባው 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ነው። ማሳ ላይ ግን 20 ኩንታል ብትነቅሉ አይበቃችሁም። ከሚነቀለው ውስጥ መንታ ራስ ያለው፣ አበባ ያወጣ፣ አንገተ ወፍራሙ፣ በመቆፈሪያ የተቆረጠውና በጣም ጥቃቅኑ ይለቀማል። ይህ ከ100 ኪሎ 15 ኪሎ ነው እንበል። ከቀረው ላይ ደግሞ ቅድም ያልነው 8 ከመቶ ይቀንሳል። 26 ኩንታል ብትነቅሉ 390 ኪሎ ተለቅሞ ይወጣል፣ 2,210 ኪሎ ይቀራል፣ ከደረቀና ከተጓጓዘ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚገኘው 2,030 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ኩንታል ለማስረከብ 26 ኩንታል መንቀል ግድ ነው፤ ትርፏ 30 ኪሎ ለመተኪያ ትሁናችሁ።

ዋጋውም ከዚህ ይወጣል። በኪሎ 40 ብር ሒሳብ 26 ኩንታሉ 104,000 ብር ነው። የተለቀመው 390 ኪሎ እዚያው መቂ ለምግብ ቤቶች በ20 ብር ቢሸጥ 7,800 ብር ይመልሳል። ስለዚህ የ2,000 ኪሎው ሽንኩርት 96,200 ብር ወጣበት፤ በኪሎ 48 ብር ከ10 ሳንቲም ማለት ነው። ለመልቀሚያ፣ ለከረጢት፣ ለመኪናና አዲስ አበባ ላይ ለሚያስረክቡ ሠራተኞች በኪሎ 10 ብር ብታስቡ 58 ብር ከ10 ደረሰ። ማሳ ላይ 40 የተባለ ሽንኩርት ከተማ ውስጥ 45 ይሆናል ብሎ የሚጽፍ ሽያጭ ክፍል ይህን ሒሳብ አልሠራም ወይም እርጥብ ሊጭን አስቧል።

አሁን ማሳ ላይ ዋጋው በ5 ብር ቢጨምርስ? ስሌቱን ድገሙት፤ ከተማ ላይ የሚያወጣው 64 ብር ከ60 ይሆናል። ጭማሪው 5 ሳይሆን 6 ብር ከ50 ነው፣ ምክንያቱም እናንተ የምትገዙት 26 ኩንታል፣ የምትሸጡት ግን 20 ኩንታል ነው። የሽንኩርት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል መናወጡ ብርቅ አይደለም። ቁርጥ ዋጋ ከሦስት ሳምንት በፊት በመልእክት ካሰራችሁ፣ ገበያው የተወደደ ዕለት አባላቱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማሳው ዳር ለቆመው ነጋዴ ይሸጣሉ፣ እናንተም ባዶ መኪና ትጠብቃላችሁ። ማኅበሩን ስለማይወዱ አይደለም፤ የልጅ ትምህርት ቤትና የነዳጅ ዕዳ ስላለባቸው ነው።

ስለዚህ በመልእክቱ ላይ ቁርጥ ዋጋ ሳይሆን ጣሪያ ጻፉ። በዚህ ምሳሌ 10 ኪሎው «ከ650 ብር አይበልጥም» ይባላል። ቁርጡ ዋጋ ከማስረከቢያው ሁለት ቀን በፊት ይነገራል፤ ደንበኛውም እስከ ማግሥቱ ማታ ድረስ መተው ይችላል። ዋጋው ቢወርድ እናንተም አውርዱ። ገበያ ሲወደድ ብቻ የሚንቀሳቀስ ዋጋ ደንበኛው በሁለተኛው ዙር ያውቀዋል። ቀብድ ጠይቁ፣ ለምሳሌ በአንድ ከረጢት 100 ብር በቴሌብር። ብዙ ሰው አይወደውም፤ ሳይከፍሉ ካዘዙት ውስጥ ግን በማስረከቢያው ዕለት ስልክ የማያነሳ አይጠፋም፣ 10 ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሞ ወደ መቂ መመለስም አይቻልም።

ደግሞ አባላት በፊርማ ካሳወቁት መጠን ከሁለት ሦስተኛው በላይ ትእዛዝ አትክፈቱ። ለ200 ቤተሰብ 26 ኩንታል ከፈለጋችሁ 40 ኩንታል የሚሆን የአባላት ቃል ይኑራችሁ። የተረፈውን እንደ ወትሮው ገበያው ይወስደዋል።

ቀኑን እንዲህ አስሉት። ችግኙ ጥቅምት 20 ተተክሎ ከሆነ መቶኛው ቀን ጥር 30 ላይ ያርፋል። ማድረቂያውን፣ ማጓጓዣውንና ትንሽ መላወሻ ጨምራችሁ የማስረከቢያውን ጊዜ ከየካቲት 8 እስከ 18 በሉት። የመጀመሪያው መልእክት የሚላከው የተተከለበትን ቀን ቆጥራችሁ ሳይሆን ማሳው ላይ ቅጠል መውደቅ ሲጀምር ነው። ያኔ ወደ ሁለት ሳምንት ከግማሽ ቀርቷችኋል፤ ትእዛዝ ለመሰብሰብ ይበቃል፣ ለመሳሳት ደግሞ አይረዝምም።

የጽሑፉ ነገር። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የምትልኩ ከሆነ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ገደብ አለ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ እየተከፋፈለ በ67 በ67 ይሄዳል፣ እያንዳንዱም ክፍል እንደ አንድ መልእክት ይታሰባል። የጥምቀቱ መልእክታችሁ ሰላምታው ብቻ ሦስት መልእክት ሳያስከፍላችሁ አልቀረም። ለአጭሩ ይህ ይበቃል፦

«የመቂ ቀይ ሽንኩርት፦ 10 ኪሎ። የካቲት 8–18። ከ650 ብር አይበልጥም። ለማዘዝ 1 ይላኩ።»

ይህ 60 ፊደል ገደማ ነው፤ ለማኅበሩ አጭር ስምም ቦታ ይተርፋል። 1 ብሎ የመለሰ ሰው ዝርዝሩ በቴሌግራም ይላክለት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልን። የመስኖው ቀይ ሽንኩርት ማሳ ላይ መድረስ ጀምሯል። ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ ከሳምንት በላይ ስለምናሰነብተው የምናስረክበው ከየካቲት 8 እስከ 18 ባለው ጊዜ ነው። ቁርጡን ቀንና ዋጋ ከሁለት ቀን በፊት እንነግርዎታለን።

አንዱ ከረጢት በሚረከቡበት ሰዓት 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ሚዛን ይዘን ስለምንመጣ ዓይንዎ እያየ ይመዘንልዎታል። ዋጋው ከ650 ብር አይበልጥም። ቀብዱ 100 ብር ነው። ቁርጡ ዋጋ ካልተስማማዎት እስከ ማግሥቱ ማታ 12 ሰዓት ያሳውቁን፤ ቀብድዎ ይመለሳል።

ሽንኩርቱ በቤትዎ እስከ 5 ሳምንት እንዲቆይ አድርገን ነው የምናደርቀው። በ5 ሳምንት የማይጨርሱትን ባያዙ እንመርጣለን። በፌስታል አያስቀምጡት፣ ከድንችም ይለዩት።

በተረከቡ በ3 ቀን ውስጥ የለሰለሰ ወይም አንገቱ የረጠበ ካገኙ ፎቶውንና ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይላኩልን፤ እንተካለን።»

ከዚህ ውስጥ ለብዙ ሻጭ እንግዳ የሚሆነው «ባያዙ እንመርጣለን» የሚለው ነው። ምክንያቱን ላብራራው፤ የየካቲቱ ቅሬታ ከጥምቀቱ የተለየ መልክ ይዞ የሚመጣው በዚህ በኩል ነውና። በየካቲት ሽንኩርት ይረክሳል፣ የዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ይገባል። አስተዋይ እናት ርካሹን ዛሬ ገዝቼ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ላቆየው ማለቷ ትክክለኛ የቤት ኢኮኖሚ ነው። ግን ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ወደ ስምንት ሳምንት። መቂ ላይ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት እዚያው መቂ ዳስ ሥር ይህን ያህል ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን አይቆይም፣ ለዚህም ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው።

ሽንኩርት እንቅልፉን የሚጠብቀው ወይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሆነ ደረቅ ቅዝቃዜ፣ ወይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ነው። በመካከሉ፣ በተለይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው፣ የማብቀያው ጊዜ እንደደረሰ ይቆጥርና አረንጓዴ ያወጣል። መቂ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ልደታም ሆነ አራት ኪሎ ፀሐይ የማያገኘው የኮንዶሚኒየም ማድ ቤት አብዛኛውን ቀን የሚውለው ልክ ሽንኩርት ማብቀል በሚወድበት ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ የቤት ማቀዝቀዣ ይረጥባል፣ ዜሮም አይደርስም፣ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል ወይም ሥር ያወጣል። ስለዚህ ለፋሲካ የሚሆነውን በመጋቢት መጨረሻ ከሚደርስ ሌላ ማሳ እንደምታመጡ ንገሯቸው፤ ዘግይተው የተከሉ አባላት ካሏችሁ ማለቴ ነው። ዛሬ 50 ኪሎ ሸጣችሁለት ግማሹን የጣለ ሰው ለመጋቢቱ አያዝም፤ 10 ኪሎ ገዝቶ የጨረሰው ግን ያዛል።

በነገራችን ላይ የበቀለ ሽንኩርት የተበላሸ አይደለም፤ ቡቃያውን አውጥቶ መብላት ይቻላል። ይህን ቅሬታ ሲመጣ እንደ መከላከያ ከምትሉት አስቀድማችሁ በመልእክቱ ብትጨምሩት ይሻላል። የበሰበሰው ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ፎቶ ሲልክላችሁ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆ እንዲያነሳው ጠይቁት። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ ቡናማ ሆኖ የወረደና ውኃ ያዘለ ከሆነ ሳይደርቅ ተቆርጧል፣ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ከውጩ ልጣጭ ሥር እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ታፍኖ፣ ብዙ ጊዜም በተከመረ ጆንያ ውስጥ ወይም በሸራ በተሸፈነ መኪና ላይ የሚመጣ። አንድ ወገኑ ብቻ ነጥቶ የለሰለሰው በፀሐይ የተቀቀለው ነው።

ፎቶው ጥቅም የሚኖረው ግን ከማን ማሳ እንደመጣ ከታወቀ ነው። በየከረጢቱ የአባሉን ቁጥርና የተነቀለበትን ቀን የያዘ ወረቀት እሰሩ። ብዙ ጊዜ ቅሬታው ለሁሉም እኩል አይበተንም፤ መጨረሻ ላይ ውኃ ያጠጡ ወይም ዩሪያ የጨመሩ ሁለት ሦስት አባላት ዘንድ ይከማቻል። ቁጥሩ ከሌለ የእነሱ ጥፋት የማኅበሩ ሁሉ ይሆናል።

ስለ ክብደቱ አጭር ነገር ልበል። በፈረሱላም ሆነ በጆንያ አትጻፉ፤ 17 ኪሎ የሚባለው ፈረሱላ ለነጋዴ ግልጽ ነው፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን አይደለም፣ ጆንያም እንደ አሞላሉ ነው። የመረብ ከረጢት ተጠቀሙ፣ መቂ ላይ ስትሞሉት 10 ኪሎ ከ200 ግራም አድርጉት፣ አዲስ አበባም ሚዛን ይዛችሁ ግቡ። ከተማው የጭነት መኪና የሚገባበትን ሰዓት ስለሚገድብ መኪናው ገና ሳይነጋ ገብቶ ማራገፍ አለበት፤ ነዋሪው ደግሞ ከሥራ የሚመለሰው ማታ ነው። በመካከሉ ያለውን ቀን ከረጢቶቹ የት እንደሚያሳልፉ ከየኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥላና ነፋስ ያለው ደረጃ ሥር ይበቃል፤ የተዘጋ ሱቅና ሸራ አይሆንም።

የቀረው ዝናብ ነው። በየካቲት የበልግ ደመና ቀድሞ ከመጣ ማሳ ላይ የተደረደረው ሽንኩርት ሊረጥብ ይችላል፣ የረጠበው እንደገና እስኪደርቅም ቀናት ይፈልጋል። ያኔ ሽያጭ ክፍሉ ላይ የሚመጣው ግፊት ከጥምቀቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ ቀን ተቆርጧል፣ ቀብድ ተይዟል፣ እንጫን። ግፊቱ ሳይመጣ የማዘግያውን መልእክት አሁኑኑ ጽፋችሁ አስቀምጡት፦

«ማሳችን ላይ ዝናብ ስለጣለ ሽንኩርቱ እስኪደርቅ 6 ቀን እንጨምራለን። አዲሱ ጊዜ እስከ የካቲት 24 ነው። መጠበቅ ካልቻሉ 2 ብለው ይላኩ፤ ቀብድዎ ዛሬውኑ ይመለሳል።»

«ዛሬውኑ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገንዘቡ በዕለቱ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ማስረከቢያው እስኪያልቅ ድረስ ቀብዱን ለከረጢትም ለነዳጅም አትንኩት።